ጫማ በቁጥር ጨምሬ ገዛሁ፣ ጥፍሬም የታጠፈው ጣቴም ባሰባቸው

የአዌቱ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። እዚሁ ጅማ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ፣ ቆሜ ነው የምውለው። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር በሁለተኛው ጣት በኩል ሥጋዬ ውስጥ እየገባ አሰቃይቶኛል። ይቀላል፣ ይመግላል፣ አሞክሲሲሊን እወስዳለሁ፣ ይሻለኛል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሁለተኛው ጣቴ ደግሞ ከአውራ ጣቴ ይረዝማል። መሃሉ ላይ ታጥፎ ጉብ ብሏል፣ ጉብታው ላይ ቆዳው ደድሯል፣ ጫማ ሲነካው ያቃጥለኛል።
ሥራ ቦታ ጥቁር የቆዳ ጫማ ግዴታ ነው። 42 ነበር የማደርገው። ጠቦኝ ነው ብዬ 43 ገዛሁ፣ ማሰሪያ የሌለው፣ አፍንጫው ሾል ያለ፣ ሲያዩት የሚያምር። ጭራሽ አሁን የጥፍሬ ጫፍ መጥቆር ጀመረ። ሰፋ ያለ ጫማ አድርጌ እንዴት ይብስብኛል? 44 ልግዛ እንዴ?

ቁርጥ ያለ፦
44 ግዛ፣ ምን ይጠየቃል። ጫማ ሲጠብ ነው ይሄ ሁሉ የሚመጣው። ሹሉን ጫማ ደግሞ ለሌላ ሰው ስጠው። ጥፍሩን በተመለከተ ጫፉ ላይ መሃል ለመሃል በቪ ቅርጽ ቁረጠው። ጥፍሩ ክፍተቱን ለመሙላት ወደ መሃል ይሰበሰባል፣ ያኔ ጠርዙ ከሥጋው ይወጣል። አጎቴ እንዲህ አድርጎ ነው የዳነው።

ቀይ አፈር፦
ወንድሜ ሙጀሌ እንዳይሆን ብቻ። እኛ ሰፈር ጥፍር ሥር እየገባ ስንቱን ያስነክሳል። በመርፌ አስወጣው፣ ቁስሉን በአልኮል አጥበው፣ አለቀ። ጫማውን በከንቱ አትውቀስ።

ሲስተር ቦሳ፦
ቀይ አፈር፣ ሙጀሌ ቢሆን ነጣ ያለ እብጠት መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ታያለህ፣ ያሳክካል። የሱ ጥፍር ጠርዝ ላይ ነው፣ ደጋግሞ እዚያው ቦታ ይመለሳል። በመርፌ ቢቆፍረው ሌላ ጣጣ ነው የሚያመጣው።

ቁርጥ ያለ፣ ሹል ጫማን ያልከው ልክ ነው። የቪው ነገር ግን አይሠራም። ጥፍር የሚያድገው ከሥሩ ነው፣ ከቆዳው በታች። ጫፉ ላይ የምታየው ሕይወት የሌለው ክፍል ነው። መሃሉን ብትቆርጠው ሥሩ በምን ያውቃል? አጎትህ ምናልባት በዚያው ሰሞን ጫማ ቀይረው ይሆናል።

የአዌቱ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጥፍርህን ስትቆርጥ ማዕዘኑን ታዞረዋለህ?

የአዌቱ ልጅ፦
አዎ ሲስተር፣ እንዳይወጋኝ ብዬ በደንብ ወደ ውስጥ ነው የምቆርጠው። አሁን ደግሞ ስለሚያመኝ ይበልጥ ገባ አድርጌ።

ሲስተር ቦሳ፦
እንግዲህ ጉዳዩ ከዚህ ይጀምራል። ማዕዘኑን ወደ ውስጥ ስትቆርጥ መቁረጫው የማይደርስበት ቦታ ላይ ትንሽ ሹል ስንጣሪ ትቀራለች። ቆዳው በላይዋ ላይ ይተኛል። ጥፍሩ ወደ ፊት ሲያድግ ስንጣሪዋም አብራ ትሄዳለች፣ ግን ከፊቷ ያለው ሥጋ ነው። አሞክሲሲሊኑ ማበጡን ይቀንሳል፣ ስንጣሪዋን አያወጣም። ለዚህ ነው የሚመለስብህ።

አሁን ጫማው የት ገባ? ያንተ የሚያመው በሁለተኛው ጣት በኩል ነው። ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሹል አፍንጫ አውራ ጣትን ገፍቶ ሁለተኛው ላይ ያስደግፈዋል። ሁለተኛው ጣት በተራው የጥፍሩን ዳር ሥጋ ወደ ጥፍሩ ይገፋል። ቀኑን ሙሉ፣ በየእርምጃው። እንግዲህ አንተ ማዕዘኑን ቆርጠህ ስንጣሪ አስቀርተሃል፣ ጫማው ደግሞ ሥጋውን ይዞ ይመጣላታል።

እኔ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ሕመሙ የት እንዳረፈ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር በሁለተኛው ጣት በኩል ከሆነ የጫማውን አፍንጫ ቅርጽ እጠረጥራለሁ። የታጠፈው ጣት ጉብታ ላይ ከሆነ የአፍንጫው ጣሪያ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ጥፍሩ ጫፉ ላይ ከጠቆረ ደግሞ ወይ ጫማው አጥሯል ወይ እግሩ ውስጡ እየተንሸራተተ ከፊት ይጋጫል። አንተ ሦስቱም አሉብህ።

የአዌቱ ልጅ፦
43 ግን አላጠረኝም እኮ። ከኋላ ጣቴን አስገባለሁ።

ጋሽ ፎርማ፦
እኔ ሄርማታ ጫማ እሰፋለሁ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነው። ልጄ፣ መልሱን ራስህ ተናገርከው፤ ከኋላ ጣት የሚያስገባ ጫማ ከፊት ጣት ይደቁሳል። ማሰሪያ ስለሌለው እግርህን የሚይዝልህ ነገር የለም። ሳህን ይዘህ ስትፈጥን እግርህ ሸርተት ይልና አፍንጫው ውስጥ ይሸጎጣል። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ከእግር እንዳይወልቅ ከፊት ጠበቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ማሰሪያ ያለው ከሆነ ግን ገመዱ የእግርህን ወገብ ይዞ ተረከዝህን ወደ ኋላ ያስቀምጠዋል፣ ከፊት ጣቶችህ ይላወሳሉ።

ስለ ቁጥር ደግሞ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከ42 ወደ 43 ስትሄድ የምታገኘው ስድስት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ነው። ወርዱ ትንሽ ይጨምራል። የአፍንጫው ከፍታ ግን ያው ነው፣ ብታገኝ የወረቀት ያህል ነው። ቁመቱን የሚወስነው ፎርማው ነው፤ ቆዳው የሚወጠርበት የእንጨት ወይም የፕላስቲክ እግር ማለቴ ነው። ፎርማው አፍንጫው ጠፍጣፋ ከሆነ 46ም ብትገዛ ጠፍጣፋ ነው። 44 ብትገዛ ይበልጥ ትሸራተታለህ እንጂ ጉብታህ ዕረፍት አያገኝም።

ቁርጥ ያለ፦
እሺ ጋሼ፣ ግን ሁሉም ሰው ጫማ ሲጠበው ቁጥር ነው የሚጨምረው። ሻጩም እንደዚያ ነው የሚልህ።

ጋሽ ፎርማ፦
ሻጩ ያለው ቁጥር ነዋ፣ ሌላ ምን ይበልህ። እኔ የምልህን ለክተህ እየው።

የአዌቱ ልጅ፣ ካርቶን አለህ? ከዚያ ላይ ጠባብ ቁራጮች ቁረጥ፣ ቁመታቸው 20፣ 22፣ 24፣ 26፣ 28 ሚሊሜትር የሆኑ። በማስመሪያ ለካቸው። ከዚያ አንዱን በጎኑ አቁመህ ጫማው ውስጥ የጉብታህ ቦታ ድረስ ግፋው። ጉብታህ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ገበሩን በእጅህ ዳብሰው፣ ሳስቶ ወይም ተልጦ ታገኘዋለህ። ቆዳውን ከላይ ሳያነሳ የሚያልፈው ትልቁ ካርቶን የአፍንጫህ ከፍታ ነው።

ከዚያ እግርህን። በምትሠራበት ካልሲ ሆነህ ወለል ላይ ቁም። ተቀምጠህ አይሆንም። ጉብታው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ካርድ አጋድም፣ ከወለሉ እስከ ካርዱ ስንት እንደሆነ ለካ። ማታ ከሥራ ስትመለስ አድርገው፣ ጠዋት እግር ይከሳል። ወረቀት ላይም ቆመህ እግርህን በእርሳስ ዙርያውን አስምረው፣ እርሳሱን ቀጥ አድርገህ ያዝ። የጫማውን የውስጥ ሶል አውጥተህ ሥዕሉ ላይ አስቀምጠው። ከዚያ ንገረን።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔም ልግባ በዚሁ። ለወንድሜ ሠርግ ሹል ታኮ አድርጌ አንድ ቀን ጨፍሬ አውራ ጣቴ ጥፍሩ ጠቁሮ ወለቀ። ካደገ በኋላ ወፍሮ ተጣምሞ ቀረ። ታኮ ከዚያ ወዲህ አልወድም። ልጄ ግን ትምህርት ቤት ጥቁር ጫማ ነው የሚሉት፣ በየዓመቱ ሰፋ አድርጌ ነው የምገዛላት እንድታድግበት። ጣቶቿን ስታጥፍ አይቻለሁ። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ሲስተር ቦሳ፦
ሊገናኝ ይችላል። እግር ውስጡ የሚዋኝበት ጫማ ሲሆን ልጆች ጫማው እንዳይወልቅ በጣታቸው ይጨብጡታል። ትንሽ ቦታ ትርፍ ይኑራት፣ ከረጅሙ ጣቷ ፊት የእጅሽ አውራ ጣት ጥፍር ወርድ ያህል። ከዚያ በላይ ግን ትቸገራለች። ማሰሪያ ያለው ወይም የሚጣበቅ ግዢላት። ለማንኛውም ባዶ እግሯን ስትቆም ጣቶቿ ቀጥ የሚሉ ከሆነ ብዙ አትጨነቂ።

የአዌቱ ልጅ፦
ለክቻለሁ። ጋሽ ፎርማ፣ ገርሞኛል።
ጉብታዬ ከወለሉ 27 ሚሊሜትር ነው፣ ከካልሲው ጋር። አዲሱ 43 ጫማ ላይ 22 ያልፋል፣ 24 ቆዳውን ያነሳዋል። አሮጌውን 42 አውጥቼ ለካሁት፣ እሱም 22! አንድ ነው። ገበሩን ዳበስኩት፣ በትክክል ጉብታው ያለበት ቦታ ላይ ተበልቷል።
ሥዕሉ ላይ ደግሞ የውስጥ ሶሉ ርዝመቱ ይተርፈዋል። ግን አውራ ጣቴ በውስጥ በኩል ከሶሉ መስመር ወጥቶ ይታያል፣ 8 ሚሊሜትር ያህል። ትንሿ ጣቴም እንደዚያው። የሚተርፈው ርዝመት ያለው ሹሉ ጫፍ ውስጥ ነው፣ ማንም ጣት የማይደርስበት።

ጋሽ ፎርማ፦
በቃ ይሄው። 27 ያለውን ጉብታ 22 ውስጥ ነው የምታስገባው። አምስት ሚሊሜትር ከየት ይመጣል? ወይ ቆዳው ይነሳል ወይ ጣትህ ይደቆሳል። አውራ ጣትህም 8 ሚሊሜትር ወደ ሁለተኛው ጣት ተገፍቶ ነው የሚውለው፣ ሲስተር ያለችህ መገፋፋት ይሄ ነው።

ቀይ አፈር፦
እንግዲህ ጫማውን ወስዶ ማስፋት ነዋ። ሊስትሮው ጋ ውኃ አርሶ በፎርማ ወጥሮ ያሰፋልሃል፣ አዲስ ጫማ ለምን ይገዛል።

ጋሽ ፎርማ፦
ቆዳ ከሆነ ጉብታው ቦታ ላይ ብቻ ተጭኖ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሚሊሜትር ይገኛል። ከዚያ በላይ ይቀደዳል። አፍንጫው ጫፍ ላይ ደግሞ በቆዳውና በገበሩ መሃል ቅርጹን እንዲይዝ የሚገባ ጠንካራ ነገር አለ። እሱ አይሰፋም፣ ይሰበራል እንጂ። ፕላስቲክ ቆዳ ደግሞ ዛሬ ብትወጥረው ነገ ይመለሳል ወይ ይሰነጠቃል። የሱ አምስት ጎድሎታል። ቅርጹም አይመቸውም። ሹል ጫማ ክብ አይሆንም፣ እኔ ገንዘቡን በከንቱ ልበላ ካልፈለግኩ በቀር።

ኳስ ሜዳ፦
እኔ የምለው ነጠላ ጫማ ነው። ሸበጥ። አፍንጫ የለውም፣ ጣሪያ የለውም፣ ችግሩ አለቀ። ቤት ስትገባ ቶሎ እሱን አድርግ።

ሲስተር ቦሳ፦
ለጥፍሩ ጥሩ ነው፣ ሥጋው ዕረፍት ያገኛል፣ ላብም አይጠራቀምም። በዚህ ዝናብ ካልሲው ረጥቦ የሚውል ሰው ቆዳው ይለሰልሳል፣ ጥፍር በቀላሉ ይበሳዋል። ለታጠፈው ጣት ግን ነጠላ ጫማን አልመክረውም። እንዳይወልቅብህ በጣትህ ትይዘዋለህ፣ ያው መታጠፉን ነው የምትለማመደው። ከኋላ የሚያዝ ሰንደል ይሻላል።

ኳስ ሜዳ፦
ገጠር ያሉ ሰዎች ዕድሜያቸውን በበረባሶና በባዶ እግር ሄደው ጣታቸው ቀጥ ያለ ነው እኮ ሲስተር።

ሲስተር ቦሳ፦
እሱም እውነት አለው። ባዶ እግር ነጠላ ጫማ አይደለም፣ በረባሶም ከኋላ ይይዛል። ግን አልከራከርህም፣ አንዳንዱ ሰው ዕድሜ ልኩን ሸበጥ አድርጎ ምንም አይሆንም።

የአዌቱ ልጅ፣ አንድ ፈተና አድርግ። ተቀመጥና የታጠፈውን ጣት በእጅህ ይዘህ ቀስ ብለህ ዘርጋው። ይዘረጋል?

የአዌቱ ልጅ፦
ይዘረጋል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ይያዛል እንጂ። ስቆም ግን ይመለሳል።

ሲስተር ቦሳ፦
ጥሩ ነው። ገና አልደረቀም ማለት ነው። ደርቆ ቢሆን መገጣጠሚያው አይንቀሳቀስም ነበር፣ ያኔ ጫማ ሊረዳህ የሚችለው ቦታ በመስጠት ብቻ ነው፣ ካመመህ ደግሞ ቀዶ ሕክምና። አንተ ግን ከፍ ያለ ጣሪያ ካገኘህና በየቀኑ በእጅህ ብትዘረጋው እንዳይብስ ማድረግ ትችላለህ። ቀጥ ይላል ብዬ አልዋሽህም። ሁለተኛው ጣት ሲረዝም ጫማ በአውራ ጣት ልክ ስለሚገዛ ነው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው፤ ግድግዳው ጋ ደርሶ መሄጃ ሲያጣ ይታጠፋል። ስለዚህ ርዝመቱን ከሁለተኛው ጣትህ ጫፍ ለካ፣ ከፊቱ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይኑር።

ጋሽ ፎርማ፦
እዚህ ላይ ሲስተርን ትንሽ ልቃወማት። ጫማ አድርገው የማያውቁ ሽማግሌዎች ጣታቸው እንዲህ ታጥፎ አይቻለሁ። አባትህ እንዲህ ከሆነ አንተም ትሆናለህ። ጫማ ያባብሰዋል እንጂ ሁልጊዜ አይፈጥረውም።

ሲስተር ቦሳ፦
ከቤተሰብ የሚመጣም አለ፣ አልካድኩም። አባቱን ግን መቀየር አይቻልም፣ ጫማውን ይቻላል።

መርካቶ ጥግ፦
አባቴ ስኳር አለበት። ጥፍሩ እንዲሁ ገብቶበት እኔ ነኝ በመቁረጫ የማወጣለት። አያመውም ይለኛል ግን። ልቀጥል?

ሲስተር ቦሳ፦
አትቀጥል። እንደውም አያመኝም ማለቱ ነው የሚያስፈራው። ስኳር ነርቩን ሲጎዳው ቁስል አይሰማም፣ ጥብቅ ጫማም አይሰማም፣ ደም ዝውውሩም ደካማ ከሆነ ትንሽ ጭረት አትድንም። ጥፍሩን በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው። ካበጠ፣ ከመገለ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ዛሬውኑ። ጫማውን ከማድረጉ በፊት ደግሞ እጅህን አስገብተህ ውስጡን ዳብስለት፣ ጠጠር ወይም የተነሳ ስፌት ካለ እሱ አያውቀውም። እግሩንም ማታ ማታ እይለት።

መርካቶ ጥግ፦
እሺ ሲስተር። አመሰግናለሁ፣ ነገ ይዤው እሄዳለሁ።

የአዌቱ ልጅ፦
ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ካርቶኖቼን ኪሴ ከትቼ ነበር የዞርኩት፣ ሻጮቹ ሳቁብኝ። አዲሶቹ ጥቁር ጫማዎች በሙሉ 22። በመጨረሻ ከሰልቫጅ ጥቁር ቆዳ አገኘሁ፣ ማሰሪያ ያለው፣ አፍንጫው ክብ፣ 43። 24 ያልፋል። የውስጥ ሶሉ ይወጣል፣ ወፍራም ነው። አውጥቼ ስለካ 28 አለፈ። ሥዕሉ ላይ አውራ ጣቴ ከመስመሩ አይወጣም።
አለቃዬ ግን አይቶ «የዳክዬ እግር አደረግክ» አለኝ። ጥቁር ነው፣ ቆዳ ነው፣ ምን ይላል።

ቁርጥ ያለ፦
ሰው ያደረገው ጫማ ግን የሰውየውን እግር ይዞ ይመጣል ይላሉ።

ጋሽ ፎርማ፦
ይይዛል። ውስጡን እይ፣ የቀድሞው ሰው ጣቶች ያረፉበት ቦታ ጎድጉዶ ካንተ ጋር ካልገጠመ ያስቸግርሃል። ተረከዙም ወደ አንድ ወገን ከተበላ አትውሰድ። ያንተ ደህና ከሆነ ወፍራሙን ሶል ተወው፣ ስስ ቆዳ ቆርጬ አነጥፍልሃለሁ፣ አንድ ሚሊሜትር ነው የሚወስድብህ። 27 ላይ ትቀራለህ፣ ልክ ነው ግን ትርፍ የለውም። እሱን ጉብታው ቦታ ላይ ሁለት ሚሊሜትር እጨምርልሃለሁ፣ እውነተኛ ቆዳ ከሆነ። ካልሲህም የሚሳብ ዓይነት ከሆነ ጣቶችህን መልሶ ይሰበስባቸዋል፣ ላላ ያለ አድርግ። ማሰሪያውን ስታስር ተረከዝህን ወደ ኋላ መታ አድርገህ እሰር።

የአዌቱ ልጅ፦
አደረግኩት ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጉብታው ማቃጠሉን ተወ፣ ጫፉም አይጋጭም። ጥፍሩ ግን አሁንም እንዳለ ነው፣ ዳር ላይ ቀይ ሥጋ በቅሏል፣ ስነካው ይደማል። ጫማው ከተስተካከለ ራሱ አይድንም እንዴ ሲስተር? ጥፍር ይነቅላሉ ሲሉኝ ፈርቼ ነው።

ሲስተር ቦሳ፦
የሚደማ ቀይ ሥጋ ከበቀለ ብቻውን አይተውህም። ስንጣሪዋ ውስጥ ናት፣ ጫማው ደግሞ ከእንግዲህ ሌላ እንዳትገባ ነው የሚረዳህ። ቀለል ያለ ደረጃ ላይ ቢሆን ኖሮ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈህ፣ ሥጋውን ከጥፍሩ እየገፋህ፣ ከጥፍሩ ማዕዘን ሥር ቀጭን ጥጥ እያስገባህ ማዕዘኑ ከሥጋው በላይ እስኪወጣ መጠበቅ ይቻል ነበር። ያንተ አልፎታል።

ጥፍሩን በሙሉ መንቀል አያስፈልግም። ጤና ተቋም ሂድና ዳሩን ብቻ እንዲያወጡልህ ጠይቅ። ጣቱን ከሥሩ በሁለቱም በኩል በመርፌ ያደነዝዙታል፣ መርፌዋ ናት የምታመው፣ ከዚያ በኋላ መጎተቱን እንጂ ሕመሙን አታውቀውም። ከዳር ጥፍሩ በቀጭኑ ተቆርጦ እስከ ሥሩ ይወጣል። ከዚያ ፌኖል የሚባል መድኃኒት ሥሩ ላይ ይደረጋል፣ ያ ዳር ተመልሶ እንዳያድግ። ፌኖል ያላቸው መሆኑን ቀድመህ ጠይቅ፤ ካልተደረገ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከተደረገ ደግሞ ቁስሉ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያዣል፣ ያ የፌኖሉ ጠባይ ነው። ቀይነቱ ወደ እግርህ ከተስፋፋ ወይም ካተኮሰህ ግን ተመለስ።

የአዌቱ ልጅ፦
ሥራ መቼ እመለሳለሁ?

ሲስተር ቦሳ፦
ሰንደል የሚፈቅዱልህ ከሆነ በሁለት ሦስት ቀን። ጥቁሩን ጫማ ከሆነ ፋሻው ራሱ ከፍታ ስለሚወስድ በካርቶንህ መልሰህ ለካ። ፋሻውን አድርገህ ነው የምትለካው።

ኳስ ሜዳ፦
እኔ አሁንም ሸበጥ ነው የምለው።